የፍሪጁ ቁልፍ፦ ስለ ስጋት አስተዳደር ለጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ያደረግሁት ንግግር

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። መቀመጫ ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ክፍት ወንበር አለ።

የተጠራሁት ስለ ስጋት አስተዳደር እንዳወራ ነው። አብዛኞቻችሁ የስጋት መዝገብ አላችሁ። የአንዳንዶቻችሁ ቀድሞ ስለተላከልኝ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ከሀ ሁ አልጀምርም። ሦስት ነገር ነው የማወራው፦ ስጋትን እንዴት እንደምንለይ፣ እንዴት እንደምንመዝን፣ ምን ምላሽ እንደምንሰጥ። ሦስቱንም በአንድ ፍሪጅ ነው የማሳያችሁ። አዎ፣ በአንድ የክትባት ፍሪጅ። የመሬት፣ የገቢዎች፣ የነዋሪዎች ምዝገባ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፍሪጁ እናንተም ቢሮ ውስጥ አለ፣ ስሙ ነው የሚለየው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበርኩ። ስሙ ይቆየን። የስጋት መዝገብ አዘጋጁ የሚል ደብዳቤ መጣ። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ቢሮዬ ተቀመጥን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ስጋት ጻፍን፣ ማኅተም አድርገን ላክን። የመጀመሪያው ምን ይመስላችኋል? «የበጀት እጥረት»። ሁለተኛው? «የባለሙያ ፍልሰት»። ሦስተኛው «የመብራት መቆራረጥ»። የእናንተ መዝገብ ላይም እነዚህን ሦስቱን አይቻለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የበጀት እጥረት ስጋት ነው? ስጋት ማለት ሊሆንም ላይሆንም የሚችል፣ ከሆነ ግን ዓላማችንን የሚነካ ነገር ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት አይኤስኦ 31000 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው እትሙ፣ ስጋትን የሚተረጉመው እርግጠኛ ያልሆነ ነገር በዓላማ ላይ በሚያመጣው ውጤት ነው። በጀታችሁ ካነሰ አንሷል። ያ ዛሬ ያለ ችግር ነው። ችግር ይፈታል፣ ወይም ከእሱ ጋር ይኖራል። ስጋት ግን ገና ያልመጣ ነው። ሁለቱን ስንደባልቅ መዝገቡ የአቤቱታ ደብዳቤ ይሆናል፣ ለበላይ አካል የምንልከው፣ እኛ ምንም የማንሠራበት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። መለየት።

ስጋት ሲጻፍ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። ምክንያት፣ ክስተት፣ ውጤት። «በዚህ ምክንያት ይህ ሊከሰት ይችላል፣ ከተከሰተም በተገልጋዩ ላይ ይህን ያመጣል።» በቃ። «የመብራት መቆራረጥ» ምክንያት ብቻ ነው። ምን ይከሰታል? ማን ይጎዳል? አይናገርም። የነዋሪዎች ምዝገባ ሰዎች፣ የእናንተ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የመታወቂያ ማተሚያውን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ በታመመ ቀን ኅትመት ሊቆም ይችላል፣ ከገጠር ቀበሌ በእግር የመጣ ሰው ሳይገለገል ይመለሳል።» ይህን ሲያነብ ማንም ሰው ምን መደረግ እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። «የባለሙያ ፍልሰት» የሚለውን ሲያነብ ግን ገጹን ይገለብጣል።

እኛም «የመብራት መቆራረጥ» ብለን የጻፍነውን ዘርዝሩ ብንባል የምንለው የታወቀ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ፍሪጁ ይሞቃል፣ ክትባቱ ይበላሻል። ሁላችንም ሙቀትን ነበር የምንፈራው። አገራችን ውስጥ ክትባት የሚሠራ ሰው ሙቀትን ፈርቶ ነው የሚያድገው።

አሁን ትንሽ ስለ ክትባት ልንገራችሁ፣ የጤና ሰዎች ታገሡኝ። ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ብልቃጡ ላይ ቪቪኤም የምንላት ትንሽ ምልክት አለች፣ ክብ ነች፣ መሐሏ ላይ ካሬ አለ። ካሬው ከዙሪያው ከነጣ ክትባቱ ይሠራል። ከዙሪያው ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ይጣላል። ሙቀት ሲነካው ይጠቁራልና። ጎበዝ የሆነ ዘዴ ነው። ግን አንድ የማትናገረው ነገር አለ። ብርድን አትናገርም። ክትባቱ በረዶ ሠርቶ ቢሟሟ ካሬዋ እንደነጣች ናት።

እና በረዶ የሚገድላቸው ክትባቶች አሉ። ልጆቻችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ፔንታ አንዱ ነው። ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከጉበት በሽታ ጭምር የሚከላከለው። የሳንባ ምች ክትባቱ ፒሲቪም እንዲሁ። እነዚህ ውስጥ አሉሙኒየም ያለበት ማጠናከሪያ አለ፣ በረዶ ሲሠራ ያ ነገር ይቋጠራል፣ ሲሟሟ ወደነበረበት አይመለስም። ኩፍኝና ቢሲጂ ግን ዱቄት ሆነው እስካሉ ድረስ በረዶ አይጎዳቸውም። ስለዚህ አንድ ፍሪጅ ውስጥ ሙቀት የሚፈራውም ብርድ የሚፈራውም ጎን ለጎን ተቀምጧል። የእኛ መዝገብ ግን አንዱን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

እንዴት አወቅን? ከወረዳ አዲስ መሣሪያ መጣልን። ፍሪጅ ታግ ይባላል። ከክትባቱ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና የ30 ቀን የሙቀት መጠን ራሱ ይመዘግባል። ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ደርሶ ወይም ከዚያ ወርዶ ለ60 ደቂቃ ከቆየ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሳያል። በሙቀት በኩል ደግሞ ከ8 ዲግሪ በላይ ሳያቋርጥ 10 ሰዓት ሲቆይ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ስናየው ሦስት ሌሊት ምልክት ወጥቶበታል። በሙቀት አይደለም። በብርድ!

የክትባቱን ሥራ የያዘችው ሲስተር አላመነችም። እኔም አላመንኩም። መሣሪያው ተበላሽቷል ነበር ያልነው። የሙቀት መከታተያ ቅጹን አወጣን። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድን በዓልንም ጨምሮ የሚሞላ ቅጽ ነው። ወሩን ሙሉ 4፣ 4፣ 4፣ 3፣ 4 ይላል። ቅዳሜና እሑድም 4። ግን ቅዳሜና እሑድ ሲስተር አትገባም። ማን አነበበው? የሁለቱ ቀን ሰኞ ጠዋት ነበር የሚሞላው፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ። ይህን የምናገረው እሷን ለመውቀስ አይደለም። ቅጹን እየፈረምኩ ወር በወር የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ቢሯችሁ ስትመለሱ እንዲህ ዓይነት ቅጽ ፈልጉ። ቁጥሩ የማይለዋወጥ፣ ቀለሙ የማይለያይ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። እውነተኛ ንባብ ይዋልላል። የማይዋልል ቅጽ ካያችሁ ቁጥጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ማንን ጠየቅን? የሌሊት ጥበቃውን። ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ። የተረኛ ደብተራቸው ላይ መብራት የሄደበትንም የመጣበትንም ሰዓት ይጽፋሉ። ማንም አዟቸው አይደለም። ደብተሩን ከፍሪጅ ታጉ ጋር ስናስተያየው ሦስቱም ሌሊት መብራት ጠፍቶ የመጣበት ነው። «ጋሼ፣ መብራት ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «እንዴ! እንደታዘዝኩት ነዋ ልጄ፣ የፍሪጁን የቅዝቃዜ መጠን መቆጣጠሪያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረዋለሁ፣ የሞቀው ቶሎ እንዲቀዘቅዝ። ሊነጋ ሲል እመልሰዋለሁ» አሉኝ።

ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ ሠራተኛ ነበር እንዲህ ያላቸው። ሰውየው ተዛወረ፣ ትዕዛዙ ቀረ። መብራት ሌሊት 7 ሰዓት ይመጣል፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻ ይዞራል፣ እስከ ንጋት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲነበብ 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ተመልሷል። ክልል ውስጥ ነው! የክትባት መመሪያው ግን በግልጽ ይላል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቁልፉን አትንኩ። ፍሪጁ ራሱ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሙቀትን ፈርተን የሰጠነው ምላሽ ነው ብርዱን ያመጣው። ይህ በሙያው የራሱ ስም አለው፣ ሁለተኛ ደረጃ ስጋት ይባላል። ለአንድ ስጋት የሰጣችሁት መፍትሔ የሚወልደው ስጋት። ወረፋ ለመቀነስ ብላችሁ ቁጥር ማደል ትጀምራላችሁ፣ ቁጥሩ በር ላይ መሸጥ ይጀምራል። እንደዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ምላሽ «ይህ ራሱ ምን ሊያበላሽ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እና ሌላም ነገር ልበል። መጀመሪያ መዝገቡን የጻፍነው አራት ሰዎች ማን ነበርን? እኔ፣ ሒሳብ፣ ፋርማሲ፣ የሰው ኃይል። ሲስተር አልነበረችም። ጋሼ ጭራሽ አልታሰቡም። ስጋት የሚለየው ስብሰባ ላይ አይደለም፣ አገልግሎቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ አብሮ በመሄድ ነው። ክትባቱ ከወረዳ መጋዘን ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ መያዣ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ ጤና ኬላ። በኋላ እንደዚያ አድርገን ስንሄድ ሌላ አገኘን። ለአውትሪች፣ ማለትም ከጤና ጣቢያው ውጭ ሄዶ ለመከተብ፣ የሚወጣው አይስ ፓክ ከማቀዝቀዣው እንደወጣ ቀጥታ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ፔንታው ይደገፍበታል። አይስ ፓኩ መጀመሪያ ውጭ ቆይቶ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ መጠበቅ ነበረበት። ይህን የነገረችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። «ብልቃጡ አንዳንዴ ተጣብቆ ነው የማገኘው» አለች። ለስንት ጊዜ እንዳየችው አስቡት። የጠየቃት አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ። መመዘን።

የለመድነው ሁለት ቁጥር ነው። የመከሰት ዕድል ከ1 እስከ 5፣ የጉዳት መጠን ከ1 እስከ 5፣ ይባዛል፣ ትልቁ 25 ነው። መጥፎ አይደለም። ግን 3 ማለት ምን ማለት ነው? የላካችሁልኝ መዝገቦች ውስጥ አብዛኛው ስጋት 3 በ3፣ 9 ነው። ሁሉም መካከለኛ። ሰው ሲጠራጠር 3 ይጽፋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከመሰጠቱ በፊት ትርጉም ይሰጠው። እኛ በኋላ እንዲህ አደረግን። ዕድል 1 ማለት ባለፉት 5 ዓመታት አልታየም፣ 3 ማለት በዓመት አንዴ ገደማ፣ 5 ማለት በየወሩ። ጉዳት 1 ማለት በዚያው ቀን የሚፈታ መዘግየት፣ 3 ማለት የቀኑ አገልግሎት ተቋርጦ ሰው ተመለሰ፣ 5 ማለት ሰው ተጎዳ ወይም የሰጠነው አገልግሎት ዋጋ ቢስ ሆኖ እንደገና መሰጠት አለበት።

አሁን ሥሩት። ከፍሪጅ ታጉ በፊት ስለ በረዶ ብንጠየቅ ኖሮ ዕድሉን 1 ነበር የምንለው። «አይተን አናውቅም።» 1 በ5፣ 5። ከመዝገቡ ታች። መሣሪያው በአንድ ወር ሦስት ሌሊት አሳየን። በራሳችን ሚዛን ዕድሉ 5 ነው። 5 በ5፣ 25። ከታች ወደ ላይ! ክስተቱ አልተለወጠም። እኛ ማየት ጀመርን እንጂ።

ለዚህ ነው ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሩ የምላችሁ፦ ቢከሰት እናውቃለን ወይ? በስንት ጊዜ ውስጥ? በማን? መብራት ሲጠፋ ሁሉም ያውቃል። ክትባት በረዶ ሲሠራ ማንም አያውቅም። እናትየው አታውቅም፣ ከታቢዋ አታውቅም፣ ቪቪኤሟ አታውቅም። ልጁ ተወግቶ ካርዱ ላይ ተጽፎለት ይሄዳል። «አይተን አናውቅም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ማየት የሚያስችል ነገር ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ከሌለ 1 አትጻፉ። ባዶውን ተዉትና ማሳያውን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ሌላው የማባዛት ችግር። የቧንቧ ውኃ ለግማሽ ቀን መጥፋት በየወሩ የሚያጋጥመን ነበር፣ በርሜል ስላለን ጉዳቱ ትንሽ ነው። 5 በ1፣ 5። የመድኃኒት መጋዘን እሳት አይተን አናውቅም፣ ቢነሳ ግን ያወድመናል። 1 በ5፣ እሱም 5። እኩል ናቸው? በፍጹም! አንዱ በርሜል ነው የሚፈልገው፣ ሌላው እሳት ማጥፊያና የኤሌክትሪክ መስመር ፍተሻ። ጉዳቱ 5 የሆነ ማንኛውም ስጋት፣ ብዜቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለብቻው ይታይ።

ጉዳት 5 ስንል ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ፔንታና ፒሲቪ በጥርጣሬ ለየነው። የመነቅነቅ ምርመራ የሚባል አለ። ከዚያው ምርት አንድ ብልቃጥ ወስዳችሁ ሆን ብላችሁ ሌሊቱን በረዶ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ይሟሟል። ከተጠረጠረው ጋር ባንድ እጅ ይዛችሁ ለ10 እስከ 15 ሴኮንድ ትነቀንቃላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ታያላችሁ። የተጠረጠረው በረዶ ከሆነው እኩል ወይም ቀድሞ ካቀረረ፣ በረዶ ሠርቷል ማለት ነው። ሲስተርና እኔ ጎንበስ ብለን እያየን ነበር። የተጠረጠረው አቀረረ። ነጩ ነገር ወደ ታች ወረደ፣ ላዩ ጠራ። አንዳችንም አልተናገርንም።

ለወረዳ ሪፖርት አደረግን። መዝገብ አውጥተን በዚያ ጊዜ የተከተቡትን ሕፃናት ለየን። እንደገና እንዲከተቡ ተወሰነ። እናቶችን ቤት ለቤት መጥራት ነበረብን። አንዷ እናት «ያኔ የሰጣችሁት ምን ነበር ታዲያ?» አለችኝ። ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግር ነው የመጣችው። ጉዳት 5 ስትጽፉ እሷን አስቡ።

ሦስተኛ። ምላሽ።

አራት መንገድ አለ። ስጋቱን ማስወገድ፣ መቀነስ፣ ለሌላ ማጋራት፣ አውቆ መቀበል። ለፍሪጁ ማስወገድ ማለት በረዶ እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ፣ ሰው ቁልፍ የማያዞርበት ፍሪጅ ማግኘት ነው። እንዲህ ያሉ ፍሪጆች አሉ። ጠየቅን፣ ግን በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። እስኪመጣ መቀነስ። ምን አደረግን? ቁልፉን በፕላስተር አሸግነው፣ ላዩ ላይ «አይነካም» ብለን ጻፍን። ፔንታና ፒሲቪን ከግድግዳውና ከማቀዝቀዣው አካል አራቅን። ፍሪጅ ታጉ በየቀኑ ጠዋት እንዲነበብ አደረግን፣ ቅዳሜና እሑድ በተረኛ ነርስ። ያ ሁሉ የፕላስተር ዋጋ ነው የፈጀው።

ማጋራት ደግሞ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ክትባቱ የሚሄድበት ቦታ ነው። ቅርብ ካለው ሆስፒታል ጋር በደብዳቤ ተስማማን። ስልክ ቁጥራቸውና ማን ሣጥኑን እንደሚያዘጋጅ ፍሪጁ በር ላይ ተለጠፈ። ውሳኔው የሚጀምርበት ቁጥርም አብሮ ተጻፈ። «በጣም ሲሞቅ» አይደለም፣ ቴርሞሜትሩ ወደ 8 ሲጠጋ። ሌሊት ላይ ያለ ሰው መገመት የለበትም። ቁጥር ያንብብና ይሥራ።

የስጋት ባለቤት የሚለው ዓምድ ላይ «ጽሕፈት ቤቱ» ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ። ጽሕፈት ቤት ፍሪጅ አይከፍትም። የሥራ መደብ ጻፉ፣ እሱ ባይኖር የሚተካውንም ጻፉ። የእኛ ባለቤት የክትባት ባለሙያዋ ሆነች፣ ተተኪዋ ተረኛ ነርስ፣ የሌሊቱ ዓይን ጋሼ። ጋሼ ሥልጠናው ላይ ተቀመጡ። ለምን ቁልፉ እንደማይነካ ሲገባቸው «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። ምን ይመለስላቸዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቦታ ያየሁት ስህተት ስለሆነ። ዕቅዱ በተጻፈ ቀን ነጥቡን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ትናንት 25፣ ዛሬ መፍትሔ ስለጻፍን 6። አይሆንም። ፕላስተሩ መለጠፉ ዕድሉን መቀነሱን የሚነግረን ንባቡ ነው። እኛ ለስድስት ወር 25 ላይ ተውነው። በስድስቱም ወር የብርድ ምልክት አልታየም። ከዚያ ዕድሉን ወደ 2 አወረድን። ጉዳቱ ግን 5 እንደሆነ ቀረ፣ በረዶ ከሠራ ያው ነውና። 2 በ5፣ 10። ከመዝገቡ አልወጣም፣ አሁንም በየሩብ ዓመቱ ይታያል። አዲስ ጥበቃ ሲቀጠር ደግሞ ወዲያው ይታያል፣ ምክንያቱም ይህ ስጋት የመጣው አንድ ሰው ሲዛወር ነው።

አሁን ሻይ ከመውጣታችን በፊት ሥራ አለ። ከፊት ለፊታችሁ ያለውን ነጭ ወረቀት አንሡ። ከመዝገባችሁ ላይ 9 የሰጣችሁትን አንድ ስጋት ምረጡ። በምክንያት፣ በክስተት፣ በውጤት እንደገና ጻፉት። ከሥሩ ደግሞ ይህ ነገር ሲከሰት መጀመሪያ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ጻፉ፣ ተላላኪም ይሁን ጥበቃ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ይሁን። ስልኩን የምታውቁ አሁኑኑ ደውሉለት፣ ምን እንደሚያይ ጠይቁት። ከሻይ በኋላ የነገራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከእሱ እንጀምራለን።